ስምንት ስንኝ፣ አርባ ስምንት ልጅ
(በሁለተኛ ክፍል አጭር ግጥም መርጦ በኅብረት ስለ ማስጠናት)



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አራታችን አብነት አካባቢ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ክፍል ተመድበን ነበር። ክፍሉ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ 48 ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ንጽሕና የሚናገር 16 ስንኝ ያለው ግጥም መርጠን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ከዚያ በማመልከቻ ዘንግ እየጠቆምን «ከእኔ በኋላ በሉ! ጮክ በሉ!» እያልን አምስት ቀን ሙሉ አስባልናቸው። አርብ ዕለት ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያስተጋባ ከጎረቤት ክፍል መምህርት መጥተው በበር በኩል አጨበጨቡልን። እኛም ደስ አለን፤ ምን ይዋሻል!

ሰኞ ጧት ግን ከመካከላችን አንዷ «እስኪ አንድ በአንድ እንስማቸው» አለች። ብቻውን ቆሞ እስከ መጨረሻው የዘለቀው አምስት ልጅ ብቻ ሆነ። የቀሩት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስንኝ ላይ ደርሰው ዓይናቸውን ወደ ጣራው አንጋጠጡ። እንዴ! አርብ ዕለት ያ ሁሉ ድምፅ የማን ነበር?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ነው። በኅብረት ማስባል የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ባንድ ድምፅ ይሸፍናል። ይህን ለማረጋገጥ በማግሥቱ ግጥሙን አስጀምረን እኛ ከፊት ከመቆም ይልቅ በረድፎቹ መካከል ገብተን ጆሮአችንን ወደ ልጆቹ አፍ አስጠጋን። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ሰማን። ጥቂት ልጆች ግጥሙን ይላሉ። ብዙዎቹ ከእነሱ ግማሽ ቃል ዘግይተው ይከተላሉ። የቀሩት ደግሞ የስንኙን መጨረሻ ፊደል ብቻ ጠብቀው በኃይል ይጮኻሉ፤ ከሩቅ ላለ ሰው ክፍሉን ሞቅ የሚያደርገው የእነዚህ የኋለኞቹ ድምፅ ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ግጥሙን ጣልነውና እንደገና ከምርጫው ጀመርን።

ግጥሙን በትንፋሽ መመዘን

የመጀመሪያው ግጥማችን ስሕተቱ ርዝመቱ ብቻ አልነበረም። ስንኞቹ ረጃጅሞች ስለነበሩ ልጆቹ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሲተነፍስ ኅብረቱ ይበተናል። ስለዚህ አሁን ያወጣነው መለኪያ አንድ ስንኝ ባንድ ትንፋሽ፣ ሳይጣደፉ፣ መባል አለበት የሚል ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ይህን የሚችለው ስንኙ ስምንት ቀለም ያህል ሲሆን፣ እሱም አራት አራት ሆኖ ከመካከሉ ሲከፈል ነው። ይህ ምጣኔ ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም፤ የግጥም መምህራን «ቡሄ በሉ» የሚሉት ቤት ነው። በነሐሴ ወር ልጆች በየሰፈሩ ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ፣ አንዱ አውራጅ ሌሎቹ ተቀባይ ሆነው ሲጫወቱ አድጋችኋልና በጆሮአችሁ ታውቁታላችሁ።

ቀለም ሲቆጠር ግን ፊደል እንዳትቆጥሩ አደራ! እኛም ተሳስተንበታል። «መንገዳችን» ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን መን፣ ገ፣ ዳች፣ ችን ብሎ አራት ቀለም ብቻ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ሳድስ ፊደል ራሱን ችሎ ስለማይቆም ከፊቱ ካለው ጋር ይዋሐዳል። ሁነኛው ዘዴ ግጥሙን በቀስታ እያሉ በጣት ዴስክ መምታት ነው። አራት ምት፣ ትንሽ እረፍት፣ ደግሞ አራት ምት ከሆነ ስንኙ ለክፍሉ ይሆናል።

ሁለተኛው መለኪያችን ግጥሙ ውስጥ ከአንድ በላይ ተናጋሪ መኖሩ ነው። ምክር ብቻ የሚሰጥ ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባንድ ድምፅ ይባላል፤ ልጁ ድምፁን የሚለውጥበት ምክንያት አያገኝም። ጠያቂና መላሽ፣ ለማኝና እሺ ባይ ሲኖር ግን ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

ሦስተኛው ቤት መምቻው ነው። ቤት መምቻ ለልጅ የማስታወሻ ማንጠልጠያ ነው፤ «ቆርቆሮ» ካለ በኋላ በ«ሮ» የሚያልቅ ቃል ይጠብቃል። ነገር ግን ያ 16 ስንኝ ያለው ግጥማችን ገሚሱ በ«ን» ያልቅ ነበርና ልጆቹ ከሦስተኛው ስንኝ ዘልለው ዘጠነኛው ላይ ያርፉ ነበር። ሁሉም ማንጠልጠያ ሲመሳሰል የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት እየመታ፣ ጥንድ ከጥንድ ግን በድምፅ የሚለያይ ቢሆን ይሻላል።

እነዚህን መለኪያዎች የሚያሟላ ግጥም በእጃችን ስላልነበረ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ራሳችን ገጠምን። ገጣሚ ነን አንልም፤ ለክፍሉ ግን በቃ። እነሆ፦

ጠብ ጠብ አለ በቆርቆሮ፤
ማን ይመታል ያን ከበሮ?
እኔ ነኛ! ዝናቡ ነኝ፤
ከደመና የወረድኩኝ።
ዝናብ ዝናብ ቀስ በልልን፤
መንገዳችን ጨቀየብን።
እሺ ልጆች ልሂድና፣
ነገ ልምጣ እንደገና።

ቆርቆሮውም ጭቃውም የልጆቹ ስለሆነ ትርጉሙን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ ትንሽ ነው። ያስቸገረን አንድ ቃል ብቻ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ነኛ ማን ናት?» አለችን። «እኔ ነኛ» የሚለውን የሰው ስም መስሏት ኖሯል። ቤታቸው ጉራግኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ብዙ ልጆች ባሉበት ሰፈር እንዲህ ያለ የንግግር ቃል ግልጽ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም ነበር። «እናንተ ደጅ ስታንኳኩ እናታችሁ ማነው ሲሉ ምን ትላላችሁ?» ብለን ባንድ ጊዜ ተቃለለ።

የማይጻፈው ነገር፦ መጥበቅና መላላት

ግጥሙን ከማስተማራችን በፊት አራታችን ጮክ ብለን ለየብቻ አነበብነው። ጉድ ነው፤ አራት ሆነን እንኳ አልተስማማንም! ምክንያቱ የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው ለይቶ አለማሳየቱ ነው። ለብቻው የሚያነብ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ተረድቶ ያስተካክለዋል። ፊደል ገና እየለቀመ ያለ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ያገኘውን ይላል፤ 48 ልጅ በየፊናው ሲለው ደግሞ ኅብረቱ ይጎረብጣል፣ ስሜቱም ይጠፋል።

በዚህች አጭር ግጥም ውስጥ ብቻ አራት ቦታ አገኘን። «ጠብ» ብ ጠብቆ ሲባል የጠብታ ድምፅ ነው፤ ላልቶ ሲባል ግን የሰዎች ጠብ ይሆናል። ቀጥሎ ያለው «አለ» እዚህ የሚላላው ነው። ቢጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆንና በቆርቆሮው ላይ ጠብ የተቀመጠ ያስመስላል። «ይመታል» ላልቶ ሲባል መቺውን ይጠይቃል፤ መ እና ት ቢጠብቁ ግን የሚደበደበውን ይጠይቃል። የመጨረሻው «እንደገና» ነው፤ ን ላልቶ «ዳግመኛ» ማለት ሲሆን፣ ቢጠብቅ የገና በዓል ትዝ ይላል። አንድ ልጅ በእርግጥም እንዲህ ብሎት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እንግዲህ ግጥሙን በመጀመሪያ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስነበብ ስሕተት የሚሆንበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ሰሌዳው የማይናገረውን ልጁ ይገምታል፤ ሰኞ ዕለት በስሕተት የገመተውን ደግሞ እስከ አርብ ሲደጋግመው ይጸናበታል። ስለዚህ ግጥሙ መጀመሪያ በጆሮ መግባት አለበት። መምህሩም ከዋዜማው በራሱ ወረቀት ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ነጥብ አድርጎ፣ ለባልደረባው አሰምቶ መምጣት ይኖርበታል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ከሰኞ እስከ አርብ

በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ለግጥሙ የሰጠነው በቀን አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ልጆቹ ይሰለቻሉ።

ሰኞ ጠመኔ አልነካንም። «ዝናብ ሲመጣ ቤታችሁ ውስጥ ምን ይሰማል?» ብለን ጠየቅን። ልጆቹ በጣታቸው ዴስኩን መምታት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ኋላ በኃይል። ጸጥ ካሉ በኋላ ከመካከላችን አንዱ ግጥሙን ሁለት ጊዜ አለላቸው። ሲል አላስተማረም፣ ተናገረ እንጂ፤ ሲጠይቅ ጣራውን አየ፣ ሲለምን እጁን ዘረጋ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንዶች ብቻ ተቀበሉ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። መምህር ሁልጊዜ አንድ ስንኝ ብሎ ልጆች አንድ ስንኝ የሚመልሱ ከሆነ፣ ልጆቹ የሚለምዱት ከስንኙ በኋላ መምህሩን መጠበቅ ነው። ስንኙን እያንዳንዱን ያውቁታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን አይሻገሩም። በመጀመሪያው ግጥማችን ልጆቹ የሚቆሙት ሁልጊዜ በስንኞች መካከል እንጂ በስንኝ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በዚህኛው ግጥም ማያያዣውን ለይተን አስጠናን። የሁለተኛውን ስንኝ መጨረሻ ከሦስተኛው መጀመሪያ ጋር አጋጥመን «ያን ከበሮ? እኔ ነኛ!»፣ እንዲሁም «የወረድኩኝ፤ ዝናብ ዝናብ» እያልን ሦስት ሦስት ጊዜ አስባልናቸው። ለብቻው ሲሰማ ትርጉም የለሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው፤ የምንበይደውም እዚያው ነው።

ማክሰኞ ከመጀመሪያው አልጀመርንም። ሁልጊዜ ከ«ጠብ ጠብ» የሚጀመር ከሆነ የመጀመሪያው ጥንድ ሃያ ጊዜ ሲባል አምስተኛውና ስድስተኛው ስንኝ አምስት ጊዜ ብቻ ይባላሉ። በቃል ጥናት ቶሎ የሚረሳው መካከሉ ስለሆነ «ዝናብ ዝናብ ቀስ በልልን» ከሚለው ጀምረን ወደ መጨረሻው ሄድን፤ ሙሉውን በመዝጊያው ላይ አንድ ጊዜ አልን።

ረቡዕ ግጥሙን በሰሌዳ ላይ ጻፍነው። አሁን ልጆቹ በጆሮአቸው የሚያውቁትን በዓይናቸው ያገኙታል። አንድ ጊዜ ካነበቡት በኋላ አንዱ ልጅ ወጥቶ በዳስተር ሦስት ቃል እንዲያጠፋ አደረግን፤ ክፍሉ የጠፉትን ቃላት ጨምሮ ሙሉውን ይላል። ደግሞ ሌላ ልጅ ሌላ ሦስት ቃል ያጠፋል። በስምንተኛው ዙር ላይ በሰሌዳው የቀረው «ከበሮ» እና «እሺ» ብቻ ነበር። ጨዋታ መሰላቸው እንጂ እኛ ያደረግነው ድጋፉን ከሥራቸው ቀስ በቀስ መንጠቅ ነው። ተጽፎ ያለን ነገር አሥር ጊዜ ከማንበብ ይልቅ የጠፋውን ሦስት ጊዜ ከራስ ማምጣት የበለጠ እንደሚያጸና በዚያች ቀን በዓይናችን አየን።

ሐሙስ በመስኮቱ በኩል ያሉት ረድፎች ዝናብ፣ በበሩ በኩል ያሉት ልጆች ሆኑ፤ ከዚያ ተለዋወጡ። ቀጥለን በስምንት በስምንት ከፍለን አስባልናቸው። ስምንት ልጅ ሲሆን መደበቂያ የለም። የዘገየው፣ የዘለለው፣ መጨረሻውን ብቻ የሚጮኸው ወዲያው ይለያል፤ እንዲያም ሆኖ ልጁ ብቻውን አይጋለጥም።

አርብ የመስማት ቀን ነው። ልጆቹ የዝናብ ሥዕል ሲሥሉ እኛ በየዴስኩ ዞረን እያንዳንዱን በለሆሳስ ሰማን። አራት ስለሆንን በአንድ ቀን ጨረስን። ብቻውን የሚያስተምር ሰው ግን በቀን አሥር ልጅ ያህል ቢሰማ በአንድ ሳምንት ይጨርሳል። ሲቆም ስንኙን አንነግረውም፤ የመጀመሪያውን ቀለም ብቻ ሰጥተን ጠበቅን። ስንት ጊዜ እንደተሰጠው በስሙ ትይዩ በጭረት ምልክት ያዝን።

በነገራችን ላይ ይህ አሠራር አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ስሙ ከሰፈሩ ጋር አንድ በሆነው በአብነት ትምህርት ቤት፣ ማለት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ልጆች ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ የቃል ትምህርት ይቀጽላሉ። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ሁሉም ባንድነት የሚጮኹ ይመስላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚለው፤ በኋላም ለመምህሩ ወይም ለበላዩ ተማሪ ለየብቻው ያሰማል። እኛ ከዚያ ጩኸቱን ወርሰን ማሰማቱን የተውነው ይመስለናል።

ድምፁ ሲበላሽ በምን ይታወቃል?

ሐሙስ ዕለት ልጆቹ ቃሉን ይዘውታል፤ አባባላቸው ግን መጎተት ጀምሮ ነበር። «በቆርቆሮኦኦ» እያሉ የስንኙን መጨረሻ ይስባሉ። ይህ በየትም የሚያጋጥም የኅብረት በሽታ ነው። መነሻው መጠባበቅ ነው፤ የፈጠነው የዘገየውን ለመጠበቅ መጨረሻውን ይጎትታል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዜማ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥያቄውም ልመናውም አንድ ዓይነት ቃና ይይዝና ልጁ ግጥሙን ያነበንባል እንጂ አይናገረውም። መምህሩ በማመልከቻ ዘንግ ጠረጴዛ የሚመታ ከሆነ ይብስበታል። እኛ ዘንጉን አስቀመጥንና አንድ ልጅ ለጎረቤቱ ፊት ለፊት እያየ «ማን ይመታል ያን ከበሮ?» ብሎ እንዲጠይቀው፣ ጎረቤቱም እንዲመልስለት አደረግን። ሰውን በእውነት የሚጠይቅ ልጅ «ሮኦኦ» አይልም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወደ ኅብረቱ ስንመልሳቸው ጉተታው ባይጠፋም ቀንሶ ነበር። በየሁለት ቀኑ ይመለሳል፤ በየሁለት ቀኑም ያንኑ መድገም ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ጩኸት ነው፤ ይህ ደግሞ የራሳችን ነው። «ጮክ በሉ» ያልነው እኛ ነን። ልጅ ሲጮኽ ቃና መለወጥ አይችልም፣ ጉሮሮውም ይጎዳል። በምትኩ «ከኋላ ያለው ልጅ ቃሉን እንዲለይ ጥርት አድርጉ» ማለት ጀመርን። አንድ ጊዜም ግጥሙን ሙሉ በሹክሹክታ አስባልናቸው። ሹክሹክታ ላይ ድምፅ ስለማይረዳ ከንፈርና ምላስ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ «ጨቀየብን» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ የተሰማን ያኔ ነው።

ስሜትን በተመለከተ «እዚህ ላይ ፈገግ በሉ፣ እዚህ ላይ እጃችሁን አንሡ» ብለን ብናዝ 48 አሻንጉሊት ነበር የምናገኘው። ስለዚህ ጠየቅናቸው፦ «ዝናቡ እኔ ነኛ! ሲል ተቆጥቶ ነው ወይስ እየተጫወተ?» ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱንም ዓይነት አስባልናቸው፤ በመጨረሻ «የሚጫወት ዝናብ» አሸነፈ። «ነገ ልምጣ እንደገና» በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚባል ስንጠይቅ ከኋላ ረድፍ አንድ ዝምተኛ ልጅ «ቀስ ተብሎ፤ ዝናቡ እየሄደ ስለሆነ ከሩቅ ነው የሚሰማው» አለ። እኛ አራታችን ስንገጥመው ይህን አላሰብነውም ነበር! ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ስንኝ እየራቀ በሚሄድ ድምፅ ይባላል፤ ማንም ማስታወስ አላስፈለገውም።

ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛው ግጥም በቃል ማወቅ ማንበብ አለመሆኑ ነው። ረቡዕ ዕለት አንድ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አለው። ጣቱ ግን ገና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳለ አፉ ጨርሶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ጥናት ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታውቋል። በኅብረት የሚባል ግጥም እንዲህ ያለውን ልጅ በደንብ ይደብቀዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ከግጥሙ መካከል «ደመና» ወይም «ከበሮ» የሚለውን ቃል ያለ ተራ ጠቁሞ «ይህ ምን ይላል?» ማለት ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ እያለ እስከዚያ ቃል የሚመጣ ከሆነ የሚያነበው በትዝታ ነው። ለንባብ ሌላ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ግጥሙን በማወቁ ግን አይወቀስም።

ሁለተኛው የሚንተባተብ ልጅ ነገር ነው። በክፍላችን አንድ ነበረ። ብቻውን ሲናገር የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይያዛል፤ ከሌሎች ጋር አብሮ ሲል ግን ያለ እንቅፋት ይወርደዋል። ይህ በዓለም ዙሪያ በሚንተባተቡ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ አብሮ መናገር መያዙን ያቀልላል። ስለዚህ አርብ ዕለት ይህን ልጅ ብቻውን አላስቆምነውም። ከመካከላችን አንዷ ዴስኩ ጎን ተቀምጣ በለሆሳስ አብራው አለች፤ መሐል ላይ ሳታስታውቅ ድምፅዋን ቀነሰች። እሱ ሦስት ስንኝ ያህል ብቻውን ሄደ። ያወቀባት አልመሰለንም።

ከአርብ በኋላ

ግጥም አርብ አያልቅም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት ራሱ እያጠና፣ አዲስ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ ጥናቱን በተለያዩ ቀናት መከፋፈልም ባንድ ቀን ከማብዛት እንደሚሻል አሳይቷል። የእኛ ግጥም ትርጉም ስላለው ቶሎ አይረሳም። ቢሆንም በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞና አርብ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አንድ ቀን ብቻ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ሰጠነው። ጊዜው የተገኘው ከሰልፍ ገብተው ደብተር እስኪያወጡ ድረስ ከሚባክነው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግመን አንድ በአንድ ሰማናቸው። ከ48ቱ ልጆች 38ቱ ብቻቸውን ያለ እርዳታ ጨረሱ። ሰባቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የመጀመሪያ ቀለም ተሰጥቷቸው ጨረሱ፤ ከእነዚህ አምስቱ የቆሙት «ከደመና የወረድኩኝ» ካለ በኋላ ነው። ማያያዣውን አስጠንተን እንኳ እዚያ ላይ መቆማቸው ገረመን። ምናልባት ዝናቡ ተናግሮ ልጆቹ የሚጀምሩበት ቦታ ስለሆነ፣ በቡድን ሲሉ የለመዱት ሌላው ወገን እንዲቀጥል መጠበቅን ይሆናል። በሚቀጥለው ግጥም ወገኖቹን ቶሎ ቶሎ ለማለዋወጥ አስበናል። ሦስት ልጆች ከግማሽ አላለፉም፤ ሁለቱ በዚያ ሳምንት ብዙ ቀን የቀሩ ናቸው። ሦስተኛው ልጅ ግን አንድም ቀን አልቀረም። በረድፉ መካከል ስንሰማው አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ከክፍሉ መምህርት ጋር ተነጋግረን ከመጀመሪያው ዴስክ አስቀመጥነው፤ እሳቸውም ጆሮው በደንብ ይሰማ እንደሆነ እንዲመረመር ለወላጆቹ ነግረዋል።

በመጨረሻው ቀናችን ግጥሙን ለአንደኛ ክፍል ልጆች እንዲያሰሙ አሰብን። ልጆቹ ተሰልፈው «ጠብ ጠብ አለ» ብለው እንደጀመሩ እውነተኛው ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ያዘ፤ ማንም ማንንም መስማት አልቻለም። የክፍሉ መምህርት እንዲያቋርጡ ምልክት ሰጡ። ልጆቹ ግን ጣራውን ቀና ብለው አይተው፣ አንድም ሰው ሳያዛቸው፣ ወደ አምስተኛው ስንኝ ዘለሉና እጃቸውን ዘርግተው ዝናቡን መለመን ጀመሩ።